የሁለተኛው ገጽ ሦስተኛ ዘፈን

ቦንጋ የተከራየሁት ክፍል የአከራዬ ሟች ባል ደብተር ያርሙበት የነበረ ነው። እሳቸውም እንደ እኔ መምህር ነበሩ። ደካ የሚባል ቦታ ሲያስተምሩ ደብዳቤ መጻፍ ስለማይወዱ፣ ከአንድ የዘፈን ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ ሦስተኛውን ዘፈን አጥፍተው ድምፃቸውን ቀዱበትና በአውቶቡስ ለሚስታቸው ለእትዬ ላኩላቸው። ከዚያ ሌላ ድምፃቸው የተቀዳበት ነገር የለም።

እትዬ አንድ ቀን ማቀፊያ ሳጥኑ የጠፋ ካሴት ሰጡኝ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት በአንዱ ገጽ «ሀ»፣ በሌላው «ለ» ይላል።

«እሱ የላከው ይሁን ሌላ እንጃ። አጣራልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አብረን ወደ አንድ የስልክ ጥገና ቤት ሄድን። ባለቤቱ ድሮ ካሴት ሻጭ ነበሩ፤ አሁን ዘፈን በፍላሽ ይጭናሉ።

«ዲናሞው እስኪሞቅ ጸሎት አድርጉ» አሉ፣ ከጠረጴዛ ሥር ቴፕ እያወጡ።

«ለ»ን አጫወቱ። አምስቱም ዘፈኖች ሙሉ ነበሩ። እትዬ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አይደለም። እንሂድ።»

እኔ ግን ነገር በቅደም ተከተል ካልሆነ አይዋጥልኝም። «ጋሼ፣ የዚህ ካሴት የዘፈን ዝርዝር የለዎትም?» አልኳቸው።

ደንበኛ እንዲመርጥበት የጻፉትን አሮጌ ደብተር አወጡ። አሁን የሰማናቸው ዘፈኖች እዚያ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ተብለው ተጽፈዋል። «ሀ» የተባለው እንግዲህ ሁለተኛው ነው። ካሴቱን ገልብጬ ጠርዙን አየሁት። ፋብሪካ ውስጥ የተቀዳ ካሴት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ለየገጹ አንድ። ሊቀዳበት የፈለገ ሰው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። «ሀ» ወደ እኔ ሲሆን በግራ በኩል ያለው የዚያው ገጽ ቀዳዳ በተጣጠፈ የደብተር ወረቀት ተወትፏል። ሌላው ክፍት ነው።

ባለቤቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፉን አዩት። «ይሄ የኔ እጅ ነው። የድሮው ወረቀት ሲላጥ ሳላጫውት አገላብጬ ለጠፍኩበት።»

«ስንት ዓመት ያለ ድምፁ ኖርኩ ማለት ነው» አሉ እትዬ። «በ‹ለ› በኩል ስፈልገው ሳጣው፣ ጠፍቷል ብዬ አስቀመጥኩት።»

«ሀ»ን አጫወትን። ሁለት ዘፈን አለፈ። ሦስተኛው ሊጀምር ሲል ጠቅ አለ። ከዚያ ሹሹታ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ሳል። ቃላቱ ተበልተዋል፤ «ዝናቡ» የሚለው ብቻ ተለየልን። ወዲያው የዘፈኑ ጭራ ገባ።

«እሱ ነው» አሉ እትዬ። «መናገር ሲጀምር ይስል ነበር።»

«ይድገሙት» አልኩ ሳላስብ።

«ክሩ ዱቄት እየሆነ ነው። አንዴ ብቻ እናጫውተውና ወደ ፍላሽ እቀዳዋለሁ። ሹሹታውን ላጥራው?» አሉ ባለቤቱ።

«እንዳትነካው!» አሉ እትዬ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደብተር ሳርም፣ ከግድግዳው ማዶ በስልካቸው ይከፍቱታል። ሹሹታው፣ ዶሮው፣ ከዚያ ሳሉ። ብርድ ይዞኝ እኔ የሳልኩ ቀን ግን ከማዶ የሚሰማው ቅጂ ድንገት ይቋረጣል። እትዬ ስልኩን አጥፍተው፣ ባላቸው ሊናገሩ የሳሉ ይመስል፣ ቀጥሎ የሚባለውን ይጠብቃሉ። እኔም እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ እቀመጣለሁ።