ወንድሜ ቀኝ እጁን ያነሳባት ቪዲዮ

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ በኋላ በእጃችን የቀረችው ፎቶ አንዲት ናት። ስልኩ ውስጥ ሌሎች ይኖራሉ፤ መክፈቻውን ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ይህችን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ለፍቼ፣ ለዘመን መለወጫው በዓል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ወጥተን። አፉን ገጥሟል፤ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቷል። ከኋላው የሻይ ድንኳንና በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ይታያል።

ያ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሳም ነበር። ልጆች ሳለን ቡሹሎ ሰፈር፣ አክስታችን ጓሮ፣ አቮካዶ አውርድልኝ አልኩት። ወጣ። ወደቀ። ትከሻው ሳይስተካከል ዳነ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እናቴ ለዓመታት ጸለየችለት። የጸሎት ፕሮግራም ባለበት ሁሉ እጁን ይዛ ወደ ፊት ታወጣው ነበር። በኋላ እሱ ራሱ፣ "እማዬ፣ ይብቃሽ፤ በግራ እጅም ሚስት ትታቀፋለች" ብሎ አሳቃት።

ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ሚስት አላገባም።

እናቴ ፎቶዋን አሳጥባ ትራሷ ሥር አደረገች። አንድ ቀን፣ "የጎረቤታችን ልጅ የሟች አባቷን ፎቶ ሲንቀሳቀስ አሳየችኝ። ወንድምህንም እንደዚያ አድርግልኝ። ፈገግ ሲል ልየው" አለችኝ።

መናኸሪያ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ አለ። እሱ ዘንድ ሄድኩ።

"ፎቶው አንድ ብቻ ነው?"

"አንድ።"

"አፉ ዝግ ነው። ጥርሱን አያውቀውም፣ ከራሱ ነው የሚያመጣው። የተደበቀውን እጅም እንደዚያው።"

"ማን ነው የሚያመጣው?"

"ማሽኑ ነዋ! ውስጡ ሰው የተቀመጠ መሰለህ?" ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው።

ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነና ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ሰውየው ፈገግ ብሎ እጁን ያውለበልባል የሚል። የትኛውን እጅ እንደሆነ አልተናገርኩም። እዚያ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። አምስት ሰከንድ ቪዲዮ መጣ።

ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። ፈገግ አለ። የወንድሜ የፊት ጥርሶች ተደራርበው የበቀሉ ነበሩ፤ እነዚህ ግን ተሰልፈው የቆሙ፣ ነጫጭ። ከዚያ ቀኝ እጁ ከኪሱ ወጥቶ ከራሱ በላይ ተነሳ። በመሃል ጣቶቹ ስድስት ሆኑ፣ ተጣበቁ፣ እንደገና አምስት ሆኑ። ከኋላ የማስታወቂያው ፊደላት ተላወሱና የማንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር ሆኑ።

"ይህ እጅ አይነሳም" አልኩ።

"እሺ፣ እንድገመው። እጁ ኪሱ ውስጥ ይቆይ፣ አፉ ይዘጋ፣ ካሜራው አይንቀሳቀስ እንበለው። ትንሽ ሲጠየቅ ትንሽ ነው የሚሳሳተው።"

ሁለተኛው ላይ ተነፈሰ፣ ዓይኑን አርገበገበ፣ በቃ። እሱን ይመስል ነበር። ሁለቱንም ስልኬ ላይ ላከልኝ። የመጀመሪያውን ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ሁለተኛውን ለእናቴ ከፈትኩላት። ስልኩን ተቀብላ አየችው። ከዚያ ጣቷ ስክሪኑን አንሸራተተና የመጀመሪያው መጣ።

"ጌታ ሆይ! እጁ!" ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"እማዬ፣ ማሽኑ የገመተው ነው። እጁ የተጎዳ መሆኑን አያውቅም።"

"አውቃለሁ። ሞኝ አታድርገኝ። ግን እየው፣ ምንም አላመመውም።"

ደጋግማ አየችው። እሱን የሚመስለውን ግን ዳግም አልከፈተችውም። በሳምንቱ፣ "ይቺ ምን አላት፣ ሳልጠግበው ታልቃለች። አስረዝምልኝ። እጁን ሲያወርድ፣ ዞር ሲል ልየው" አለችኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ አስጠነቀቀኝ። "የሚቀጥለው የሚጀመረው ካለፈው መጨረሻ ምስል ነው። ፎቶውን መልሶ አያይም። ስህተት በስህተት ላይ ይደራረባል።"

"ሥራልኝ" አልኩት። የእናቴ ፊት ነበር የታየኝ።

በመጀመሪያዋ ላይ ሌሎች ሦስት ሠርቶ አራቱን አገናኛቸው። ሳላየው ይዤው ሄድኩና ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እጁን አነሳ። ቀጥሎ አወረደ፤ ጉንጩ ትንሽ ሞላ ከማለቱ በቀር እሱ ነው። በሦስተኛው ዞር አለ። ፊቱ ሲመለስ ቆዳው እንደ ላስቲክ ልሙጥ ሆኗል፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ የለችም። በአራተኛው የሚስቀው አንድ መልከ መልካም ሰው ነው። ጃኬቱ ብቻ የወንድሜ ነው።

እናቴ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

ስልኩን አነሳሁ።

"የመጀመሪያዋን ብቻ ልክፈትልሽ? እጁን ያነሳባትን?"

"ተወው" አለች። "የተነሳውም እጅ የዚህኛው ሰው ነው።"

ተነስታ ወደ መኝታዋ ገባች። ስትመለስ ፎቶዋን ይዛ ነበር። ሳታያት ሰጠችኝ። "አንተ ዘንድ ትቀመጥ። አሁን ባያት የሚመጣብኝ ያ ሰውዬ ነው" አለች።