«አስፈላጊውን ትብብር»

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ከጓደኛዬ ጋር የሕፃናት ብርድ ልብስ እንሰፋለን። ጨርቅ እየተወደደ ሄዶ ሥራችን ቆመ። እሷም ተስፋ ቆርጣ የስፌት መኪናዋን የሚገዛት ሰው አገኘች፤ እሑድ መጥቶ ሊወስዳት ተነጋገሩ። የቀረን ነገር ኮምቦልቻ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ነበር፤ እነሱ የሚጥሉት ቁርጥራጭ ለእኛ እንጀራ ነው። ለፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ቀደም ብላ በቴሌግራም ጽፋ ነበር። ሳምንት አልፎታል፣ መልስ የለም።

«እስቲ የጻፍሽውን አሳዪኝ» አልኳት።

ወደ ላይ ብገፋው ብገፋው አያልቅም። ሰላምታው ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ ከብቱን ሳይቀር ያዳርሳል። ከዚያ የኑሮው ውድነት፣ የእኛ ብሶት፣ ዱዓ። መጨረሻው ላይ «አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርጉልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ደሜ ፈላ።

«ሰውዬው ይህን አንብቦ ምን ያድርግ?»

«ይተባበረና።»

«በምን?»

«ቁርጥራጩን ይሽጥልና። ቅዳሜ ሄደን እንወስደዋለን» አለች።

ይህ ነገር በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። መቁረጥ ጀመርን። ብሶቱ ወጣ፣ ከብቱ ወጣ። ዱዓው ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤ «ወላሂ ይቺን አትነኪም!»

«ስታገኚው በአፍሽ ታደርጊለታለሽ» ብዬ አጠፋሁት። ይህ ቀረ፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ የሕፃናት ብርድ ልብስ የምንሰፋ ሁለት ሴቶች ነን። ከፋብሪካችሁ የሚተርፈው የጥጥ ጨርቅ ቁርጥራጭ ለሥራችን ይሆነናል። ቅዳሜ ጠዋት መጥተን ሁለት ጆንያ ብንገዛ ይሸጡልናል?»

ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ሁሉ ተነሥቶ ምንም አልጎደለም፤ ማን እንደሆንንና ምን እንደምንፈልግ ለእኔም ገና ያን ጊዜ የታየኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ተደነቅሁ። ላከችው፤ የያዝነውን ሻይ ሳንጨርስ መልስ መጣ፦ «ይቻላል። ኑ።»

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድን። ኃላፊው ሸምገል ያሉ፣ ፊታቸው የማይከብድ ሰው ናቸው። የመጋዘኑን በር ሲከፍቱት ጨርቁ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«የፊተኛውንም አንብቤዋለሁ» አሉ ኃላፊው። «ሐዘን የደረሰባችሁ መስሎኝ ዱዓ አድርጌላችሁ ነበር።»

ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። «አላህ ይስጥልን። ይህ ሁሉ ያን ጊዜም እዚህ ነበር?» አለች።

«ያን ጊዜማ ከዚህም ይበዛ ነበር። ቦታ አጣበበንና ባለፈው ሳምንት ግማሹን አቃጠልነው።»

ጓደኛዬ ከክምሩ አንድ ነጭ ቁራጭ አንሥታ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የስፌት መኪናዋን ነገ ሊወስድ ለነበረው ገዥ ደወለችለት።

«መኪናዋ አትሸጥም» አለችው።