ማስተዳደርና መሸጥ

ዳምጠው በየጠዋቱ አሶሳ ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈት ጠረጴዛውን በመዳፉ ይጠርግና አቧራውን እፍ ይለዋል። አንድ ቀን ሰገነት የተባለች ባለጉዳይ እየተንጨረጨረች መጣች። ዱባይ ያለው ወንድሟ ቤቱን እንድትሸጥለት ውክልና ቢልክም፣ ገዢው ደጅ እየጠበቀ ወረቀቱ ከውል ምዝገባ ቢሮ ተመለሰባት።

"ጋሼ፣ 'ንብረቴን ሁሉ ታስተዳድር' ይላል እኮ!"

"ማስተዳደርማ ጣራ ማስጠገን ነው፣ ልጄ። 'ቤቴን ትሽጥልኝ' ብሎ ለይቶ ካልጻፈ አንድ ቆርቆሮ አትሸጪም።"

አዲስ ረቂቅ ጻፈላት። ረቂቁ ሲደርሰው ወንድሟ ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በአካል ቀርቦ ፈረመ፤ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላውን ማኅተም አረጋገጠ፤ ሰነዱም ተመዘገበ፤ ቤቱ ተሸጠ።

ዳምጠው ሰገነትን ለማንም እንዳትናገር የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ራሱ መሆኑን፤ ሰዎች 'የሚኖርበትን ቤት በገዛ ብዕሩ አሸጠ' ብለው እንዳይስቁበት።