መቶ ሰማንያ መሳቢያ

ሚስተር ኦልድሮይድ ምስማር ሊገዛ ለመጣ ሰው "ምኑን ልትመታበት ነው?" ሳይሉ አይሸጡም። አራት ብሎን የሚበቃውን ሰው ሙሉ ካርቶን አያሸክሙትም፤ አራቱን ብቻ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡታል። ነገረኛ ናቸው የሚላቸው አለ። ይበል። እኔ በዮርክሸር ምድር እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም፤ ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

የብረታ ብረት ሱቁን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳውን የሞሉ መቶ ሰማንያ የእንጨት መሳቢያዎች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ የናስ ክፈፍ አለች፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ካርድ ይሰካባታል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ካርዶቹ ደብዝዘው ስለነበር ሁሉንም እንደገና ጻፍኳቸው። ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ ጽሕፈቴ ያምራል። ጉድ ሊሠራኝ የነበረውም እሱ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ባሌን ካርልን ጥዬ ከፕሊመዝ ስጠፋ አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር የያዝኩት። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር፣ የአስቤዛ ዝርዝሬን ሳይቀር ከማን ጋር ልገናኝ እንደሆነ ለማወቅ መስመር በመስመር ያነብ ነበር። እስካሁን ይፈልገኛል። አሁንም እህቴን በየጊዜው እየደወለ "ዶና የት ነው ያለችው?" እያለ ያስጨንቃታል። እኔም ፎቶ አልነሳም፣ ስሜን ኢንተርኔት ላይ አላወጣም። ሥራ የጀመርኩ ቀን ይህን ሁሉ፣ የአስቤዛውን ነገር ጭምር፣ ለሚስተር ኦልድሮይድ ነገርኳቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ "ገባኝ" አሉና የቱ የሻይ ኩባያ የኔ እንደሚሆን አሳዩኝ።

ደብዳቤው የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ። ቤታኒ የምትባል የዘጋቢ ፊልም ተማሪ ናት የጻፈችው፤ አንድ ቅዳሜ የበር ማጠፊያ ልትገዛ ገብታ ሱቁን ወዳዋለች። ለመመረቂያዋ የአሥር ደቂቃ ፊልም ልትሠራ ፈልጋ ፈቃድ ትጠይቃለች። የሚመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቀረጻው የአንድ ማክሰኞ ሥራ ነው፤ አደጋ ቢደርስ የኮሌጁ መድን ይሸፍናል፤ በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ መቀረጽ የማይፈልግ ደንበኛ አይቀረጽም። ፊልሙ በኮሌጁ ከታየ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። አብሮ የተላከው ቅጽ እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ኮሌጁ ካሜራውን አይሰጣቸውም። ወግ ያለው ደብዳቤ ነው፣ አልዋሽም። ግን መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "ፊልሙን መጀመር የምፈልገው በእነዚያ ውብ የእጅ ጽሕፈት ያለባቸው መሳቢያዎች ነው።"

ፊቴን መደበቅ እችላለሁ፤ መቶ ሰማንያ መሳቢያ ምን ውስጥ ልደብቅ? ካርል ጽሕፈቴን ካየ፣ የሱቁም ስም በር ላይ ካለ፣ አለቀልኝ። ደብዳቤውን አጣጥፌ ማንም በማይጠይቀው የፋኖስ ክር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አዎ፣ የሰው ፖስታ ደበቅኩ። አፍሬበታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቤታኒ ራሷ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዝናብ አበስብሷታል። ደብዳቤዋ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። ሚስተር ኦልድሮይድ ወደኔ ዞር አሉ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ደርሷል፣ ልጄ" አሏት፤ "እያሰብኩበት ነው። ዓርብ ጠዋት ነይ።"

በሩ ሲዘጋ እጃቸውን ዘረጉ። ከፋኖሱ ክር ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ።

"ይፈርሙላት፤ እኔ ሥራዬን እለቃለሁ" አልኳቸው።

"ማን ልቀቂ አለሽ?"

"ታዲያ ልጅቷን ሊከለክሏት ነው? መመረቂያዋ'ኮ ነው።"

"እሷንም አልከለክል፣ አንቺንም አልለቅ" አሉና ብዕራቸውን አወጡ።

ቅጹ ላይ ማክሰኞን ሰርዘው እኔ የማልገባበትን ሰኞን ጻፉ። ከጎኑ "ከሱቁ ሰው የሚቀረጸው እኔ ብቻ ነኝ" ብለው ጨመሩበትና ፈረሙ። ሪህ የቆለመመው ጣታቸው ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ስለ መሳቢያዎቹ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጅቷ ከሁሉ አብልጣ የፈለገችው እነሱን ነው፤ ፖስታ ደብቄም ከዚያ በላይ ልጠይቅ አፈርኩ። ዓርብ ቤታኒ ቅጹን ስትቀበል ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ ከወትሮው ቀደም ብለው "ሂጂ፣ ዛሬ እኔ እዘጋለሁ" አሉኝ። ሰኞን ቤቴ ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ዋልኩ። ማክሰኞ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መሳቢያዎቹን ማየት ነበር። ካርዶቼ አንድም ሳይጎድል በየቦታቸው አሉ። እንግዲያው ተቀርጸዋል ማለት ነው። ሚስተር ኦልድሮይድ ስለ ቀረጻው የነገሩኝ የድምፅ ባለሙያው አንድ ፓኬት ብስኩት እንደጨረሰ ብቻ ነው። ያን ሳምንት ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ይውሉ ነበር። ሪሁ ተነስቶባቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ሦስት ወር እንዴት እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ ሥር አቆምኩት።

ሰኔ ላይ ቤታኒ ለምረቃ ትርኢቱ ጠራችን። ሚስተር ኦልድሮይድ ለቀብር የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ከፊልሙ በኋላ ልሰናበታቸው ወስኜ ነው የሄድኩት። መብራት ጠፋ።

መጀመሪያ የታዩት መሳቢያዎቹ ናቸው። "ማጠፊያ" ይላል አንዱ፤ ፊደሉ ተንጋዷል። "የመስኮት መንጠቆ" ይላል ሌላው፤ ቦታ ስላልበቃው መጨረሻው ወደ ታች ታጥፏል። ካሜራው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ረድፍ ያልቃል፣ ሌላ ረድፍ ይመጣል፤ ከመቶ ሰማንያው አንድም የኔ ጽሕፈት የለም። ሁሉም ያ የተቆለመመ ጣት የጻፋቸው ናቸው።

የቤታኒ ድምፅ ከካሜራው ጀርባ ተሰማ፦ "ባለፈው ያየሁት ጽሕፈት ሌላ አልነበረም እንዴ?"

ሚስተር ኦልድሮይድ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ያይዋታል። በሕይወታቸው ደንበኛ ዋሽተው የማያውቁት ሰውዬ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። "የኔ ነው" አሏት፤ "ያኔ መነጽሬን አድርጌ ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ሙሉውን፣ በዚያ እጅ፣ መቶ ሰማንያ ካርድ። ከዚያ ሰኞ ማታ የራሳቸውን ነቅለው የኔን አንድ ባንድ መልሰው ሰክተዋል።

እጃቸውን ያዝኩት። "ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ብነግርሽ አይሆንም ትዪኝ ነበር" አሉ። "ዝም በይ አሁን፣ ልጅቷ የደከመችበት ነው።"

ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁ። ቤቴ ስገባ ሻንጣዬን ከበሩ ሥር አንስቼ ልብሴን ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለስኩ።