ከፊርማው በታች

ሰባተኛ አካባቢ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ አለኝ። ግብር ቢሮ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ እኔ ጋ ጎራ ይላል፤ ስለዚህ የነጋዴን ሰበብ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ እኩራራ ነበር።

ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጡ አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ኦዲተሮች ሱቃቸው ገብተው ያለውን ጋቢ ሁሉ ቆጠሩ፤ የእሳቸው ዕቃ አድርገው ሽያጩን ገመቱና ከባድ ግብር ወሰኑባቸው። ቅሬታ እንድጽፍላቸው መጡ።

«ጋቢው የእኔ አይደለም፤ ሸማኔዎቹ በአደራ ያስቀመጡት ነው። ሲሸጥ ድርሻዬን ወስጄ የእነሱን እሰጣቸዋለሁ» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። «ዕቃው የእኔ አይደለም» የሚለውን በዚያ ሳምንት ብቻ ከስንቱ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የሚያስለቅስ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ባል የሞተባቸው፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ መንግሥት በርኅራኄ እንዲያያቸው የሚለምኑ እናት አደረግኳቸው። ገጹን ስጨርስ በራሴ ረካሁ። እሳቸው ግን አልተነሡም።

«ያቺን የአደራዋን ነገር ጻፍካት?»

ለመገላገል ስል ከፊርማው በታች «ማሳሰቢያ፦ በሱቁ የተቆጠረው ጋቢ የሸማኔዎች አደራ እንጂ የእኔ አይደለም» የምትል አንዲት መስመር ጨመርኩ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «እዚህ ጋ ነች?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልኳቸው።

ቅሬታው ውድቅ ሆነ። ውሳኔው በቂ ምክንያት አልቀረበም ይላል። እውነቱን ነው፤ ዕንባ ምክንያት አይደለም። ወረቀቱን ይዘው የመጡት ውሳኔው በደረሳቸው በሃያኛው ቀን ነው፤ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ያለው ጊዜ ሠላሳ ቀን ብቻ ነበር።

«ካልተሳካ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ሱቁን ይዝጉት። ግን ጋቢውን ለግብሩ ቢይዙትስ? ለሸማኔዎቹ ምን እላለሁ?»

ከዚያ ከፌስታል አንድ ጋቢ አውጥተው ጥጉን ገለበጡልኝ። አንዲት ቀይ ክር ተቋጥራለች። ሌላ አወጡ፤ አረንጓዴ። ሌላው ሁለት ቋጠሮ አለው። እያንዳንዱ ሸማኔ ጋቢው ከሌላው እንዳይደባለቅ የራሱን ክር ይቋጥራል። ስንት ዓመት በሸማ ተራ ሳልፍ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አመንኳቸው፤ አፍሬም የማደርገው ጠፋኝ።

ይግባኙን ሦስት ቀን ጻፍኩት። ዕንባ የሚባል ነገር አላስገባሁበትም። የተሰጠው ውሳኔ፣ የተሳሳተበት ነጥብ፣ ሕጉ፣ የምስክሮች ዝርዝር፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። የቅሬታውንና የውሳኔውን ቅጂ አያያዝኩ። ሕጉ የሚጠይቀውን ቅድመ ክፍያም ወርቃቸውን ሸጠው ከፈሉ። ይህን ሳይ ልቤ ተነካ፤ ክፍያው ካልቀረበ ይግባኙ ተቀባይነት ስለሌለው ግን ተዉት ማለት አልቻልኩም።

የክርክሩ ቀን በኮሚሽኑ አዳራሽ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሁለት ሸማኔዎች በረንዳው ላይ ተጠርተው እስኪገቡ ይጠብቁ ነበር። የግብር ቢሮው ወኪል ጎልማሳና ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«የአደራው ጉዳይ አዲስ ክርክር ነው። በቅሬታቸው ላይ ያቀረቡት ልመና ብቻ ነው። እዚያ ያላነሡትን እዚህ ሊያነሡ አይገባም።»

ያቺን መስመር ጭራሽ ረስቻት ነበር። ይግባኙን ስጽፍ እንኳ የድሮውን ደብዳቤ ከኀፍረት የተነሣ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።

እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ከፊርማዬ በታች አንብቡልኝ።»

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የቅሬታውን ቅጂ ገለበጡና ጮክ ብለው አነበቧት። ወኪሉም የራሱን ቅጂ አይቶ «መስመሯ አለች» ብሎ ተቀመጠ። ሸማኔዎቹ ገብተው መሰከሩ፤ ቋጠሮውንም እያሳዩ የማን የማን እንደሆነ ለዩ።

ከሳምንታት በኋላ ውሳኔው መጣ። ኮሚሽኑ የአደራው ጋቢ ተቀንሶ ግብሩ እንደገና እንዲሰላ ጉዳዩን ወደ ቢሮው መለሰው። የራሳቸው ድርሻ ላይ የሚመጣውን ይከፍላሉ፤ ሱቁም ጋቢውም ተረፈ።

ውሳኔውን አንብቤላቸው ስጨርስ እንዲህ ጠየቁኝ።

«ያቺን ነገር ለምን ከፊርማው በታች አደረግካት?»

መዋሸት እችል ነበር። «አላመንኩዎትም ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ወረቀቱን እያጠፉ። «እኔ የነገርኩህ እንድታምነኝ አልነበረም፤ እንድትጽፍልኝ ነው።»