በማመልከቻው መጀመሪያ የሰፈረው ስም

አምቦ ውስጥ ማመልከቻ አጽፎ ዶርቃስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት የመጣ ነው። ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ይዛ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ጉዳይ ስትጽፍ ኖራለች። «የእገሌ ዘመድ ነኝ ብለሽ ጻፊልኝ» የሚላት ሲመጣ ትቆጣለች።

«ሰውየው ፈቅዷል? ካልፈቀደ ስሙ አይነሳም። ከፈቀደም ከየት እንደምትተዋወቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ስለ ራስህ ሥራ ተናገር።»

ምላሷ ቢጎመዝዝም እውነቷን ነው።

ዘንድሮ ግን ተራው የእሷ ሆነ። ሱቋ ያለችበት ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በዚህ መሐል ጋሮማ መጣ። ሥራ ፈላጊ ሳለ የመጀመሪያ ማመልከቻውን የጻፈችለት እሷ ናት፤ አሁን በአንድ የግል ኮሌጅ መምህር ነው።

«አካም፣ እትዬ ዶርቃስ! የዲናችን ጸሐፊ ልትለቅ ነው። አመልክቺ እንጂ! ስሜን ጥቀሺ፣ ዲኑ ኦቦ ሙለታ ያምኑኛል» አላት።

ለራሷ ስትጽፍም ከወጓ አልወጣችም። «የኮሌጃችሁ መምህር አቶ ጋሮማ፣ በሥራዬ ለስምንት ዓመት የሚያውቁኝ፣ የጸሐፊ ቦታ እንደሚለቀቅ ነግረውኛል፤ ስማቸውን እንድጠቅስም ፈቅደውልኛል» ብላ ጀመረችና ወደ ራሷ ልምድ አለፈች። ከማስገባቷ በፊት በስልክ ላከችለት። «አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነው፤ አስገቢው» የሚል መልስ መጣ።

ኦቦ ሙለታ በሳምንቱ አስጠሯት። ደስ ብሏት ገባች። ዲኑ ግን ወረቀቱን ይዘው ፊታቸውን አጨፍግገዋል።

«ማስታወቂያ ገና አላወጣንም። ጸሐፊዬ መልቀቂያዋን ያስገባችው ለእኔ ብቻ ነው። ይህን ማን አወጣው?» አሉና ጋሮማን አስጠሩ።

ጋሮማ ወለሉን እያየ ቆመ። «ሴትየዋን ሱቋ ውስጥ አውቃታለሁ። ስለ ቦታው አልነገርኳትም፣ ስሜን ጥቀሺም አላልኩም» አለ።

የዶርቃስ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ስልኳን ጨበጠ። መልእክቱን ብታሳይ በአንድ አፍታ ያበቃ ነበር። ግን የአንዱን ጽሑፍ ለሌላው አሳይታ አታውቅም፤ ያ ነው እንጀራዋ፣ ያ ነው ክብሯ። እጇን ባዶውን አወጣች። እንዲህ ዓይነት ሞኝነት እንኳን አምቦ፣ የትም አይገኝም።

ኦቦ ሙለታ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «በውሸት የሚጀምር ማመልከቻ አልቀበልም» አሉ። ውሸታም ተብላ ወጣች።

ጋሮማ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «እትዬ፣ ልጆች አሉኝ። ወሬውን ያወጣሁት እኔ መሆኔን ቢያውቁ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር።»

«ፈርተህ ከነበረ ‹ስሜን ሰርዢው› ብትለኝ እሰርዘው ነበር» አለችው። «አንብበኸው ነበር እኮ፣ ጋሮማ! አንብበህ ነው አስገቢው ያልከኝ!»

የክፍል ደወል ሲደወል ጠመኔውን ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ።