የሹፌሩ ጥርስ

የሟቹ ሹፌር ጥርስ ምን ይመስል ነበር? ፎቶ አዳሹ ይህን ማወቅ ነበረበት። ሚስትየው ባመጡለት ብቸኛ ፎቶ ላይ ሰውየው ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘግቷል። እሳቸው ግን ነገ በልጃቸው ሠርግ ላይ አባቷ ጥርሱን ገልጦ ሲስቅ ይታይልኝ ብለዋል።

ፎቶ የሚያንቀሳቅሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም ያላየውን አፍ ከሌሎች ሺህ አፎች በተማረው ሞላው። ሹፌሩ እንደ ጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ፈገግ አለ፤ ከንፈሩ በሰፋ ቁጥርም ጥርሱ አብሮ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉ ሚስትየው። "የኔ ባል እንዲህ ያለ ጥርስ ቢኖረው ኖሮ ይደብቀው ነበር?"

"ታዲያ ምን ዓይነት ነበር፣ እትዬ?"

"ይኸውልህ!" ብለው አብራቸው የመጣችውን ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። "አንዱ በሌላው ላይ የተፈናጠጠ። ቁርጥ አባቷን!"

"እማዬ ደግሞ!" አለች ሙሽራዋ፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ፎቶ አዳሹ ቶሎ ብሎ ሳቋን በካሜራ ቀለበው። ፕሮግራሙም የአባትየውን አፍ ከእሷ አፍ እያየ እንዲሠራ አደረገ። የላይኞቹ ጥርሶች እንዳይለጠጡ ከንፈሩን ሳይሆን ጭንቅላቱን እንዲከተሉ አስተካከለ፤ ወደ ጉሮሮው በኩልም ጥላ ጣለበት።

እናትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ። "እሱ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን ይሄን ያህል ረጅም ስቆ አያውቅም፤ አሳጥረው።"

አሳጠረው። ሁለት ሌሊት በወጉ ያልተኛውን ፎቶ አዳሽ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ወሰደው።